አብሮ የማያዛጋ ሰው ልበ ደንዳና ነው?

ጥያቄ፦ «ማታ ማታ ከባለቤቴ ጋር ተቀምጠን እኔ ሳዛጋ እሱ አያዛጋም። እሱ ሲያዛጋ ግን እኔ ላይ ወዲያው ይጋባብኛል። ሌላው ሲያዛጋ አይቶ የማያዛጋ ሰው ርኅራኄ የለውም፣ የሰው ስሜት አይገባውም የሚል ጽሑፍ አንብቤ ተረበሽኩ። ለመሆኑ ማዛጋት ለምን ይጋባል? ያነበብኩትስ እውነት ነው?»

መልስ፦ ባለቤትዎ አብረውዎት አለማዛጋታቸው ስለ ርኅራኄያቸው የሚነግርዎት ነገር የለም። ያነበቡት ጽሑፍ ከባዶ የተነሣ አይደለም፤ መነሻ የሆኑት ጥናቶች አሉ። ችግሩ እነዚያ ጥናቶች ሲጠቀሱ፣ በኋላ የመጡትና ነገሩን ያወሳሰቡት አብረው አለመጠቀሳቸው ነው።

መጀመሪያ ማዛጋት ራሱ ምን ዓይነት ድርጊት እንደሆነ እንይ፤ የሚጋባበት ምክንያት ከዚያው ይጀምራልና። አንድ ማዛጋት በአማካይ 6 ሰከንድ ያህል ይፈጃል። አገጭ ቀስ እያለ ይወርዳል፣ አየር በረጅሙ ይሳባል፣ አፍ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ ለአፍታ ይቆያል፣ ዓይን ይጨፈናል፣ ከዚያ አየሩ አጠር ባለ ትንፋሽ ይወጣል። አንዴ ከተጀመረ በመካከል ማቆም ያስቸግራል። በሚቀጥለው ጊዜ ማዛጋት ሲመጣብዎ ጥርስዎን ግጥም አድርገው ነክሰው፣ ከንፈርዎን ብቻ ከፍተው ለማዛጋት ይሞክሩ። አየሩ በጥርስዎ መካከል እንደ ልብ ይገባል፤ ነገር ግን ማዛጋቱ አንድ ቦታ ላይ ተቀርቅሮ የቀረ ይመስልዎታል፣ ያ የሚያሳርፍ ስሜትም አይመጣም። የአገጩ መለጠጥ የድርጊቱ አካል ስለሆነ እሱ ከሌለ ማዛጋቱ አልተፈጸመም። ሰውነት አየር ብቻ ፈልጎ ቢሆን ኖሮ በጥርስ መካከል የገባው በበቃው ነበር።

«ኦክስጅን ሲያንሰን እናዛጋለን» የሚለው የቆየ አባባልም በዚሁ ይወድቃል። ሮበርት ፕሮቫይን የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1987 ከባልደረቦቹ ጋር ባሳተመው ሥራ ሰዎች ንጹሕ ኦክስጅን ሲተነፍሱ ማዛጋታቸው አልቀነሰም፤ ከተለመደው እጅግ የበዛ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያለበት አየር ሲተነፍሱም አተነፋፈሳቸው ፈጠነ እንጂ ማዛጋታቸው አልጨመረም።

እንግዲህ ማዛጋት አንጎላችን ውስጥ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ፣ ቅደም ተከተሉ የማይለወጥ እንቅስቃሴ ነው። እንደ ድካም፣ መሰላቸትና ከእንቅልፍ መንቃት ያሉ ነገሮች ይቀሰቅሱታል። ከቀስቃሾቹ አንዱ ደግሞ ሌላ ሰው ሲያዛጋ ማየት ወይም መስማት ነው። ፕሮቫይን ሰዎች ሲያዛጉ የሚያሳይ የአምስት ደቂቃ ቪዲዮ ለተሳታፊዎቹ ሲያሳይ ከመቶው 55ቱ አዛጉ። ፈገግታ የሚያሳይ ተመሳሳይ ቪዲዮ ካዩት ግን ያዛጉት ከመቶ 21 ብቻ ነበሩ። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ያስታውሷቸው። ምንም ማዛጋት ሳያዩ ከመቶ 21 ሰዎች ማዛጋታቸው ከታች ስለ ባለቤትዎ ስናሰላ ያስፈልገናል።

ቀጥሎ ያጠናው ነገር ለእርስዎ ጥያቄ ይበልጥ ይቀርባል። ከፊቱ ላይ ማዛጋቱን የሚያጋባው የትኛው ክፍል ነው? ማንም ሰው «አፉ ነዋ» ይላል። ፕሮቫይን አፉ የተሸፈነ የሚያዛጋ ፊት ሲያሳያቸው ግን ተመልካቾቹ ሙሉ ፊት እንዳዩት ሁሉ አዛጉ። ፊቱ ተሸፍኖ የተከፈተ አፍ ብቻ ሲያዩ ውጤቱ ደከመ። ነገሩ ሲታሰብ ይገባል፤ ለብቻው የተቆረጠ የተከፈተ አፍ የሚጮህ ወይም የሚዘፍን ሰው አፍ ሊሆን ይችላል። ማዛጋት መሆኑን የሚለየው የፊቱ አጠቃላይ ሁኔታ፣ በተለይም የተጨፈነው ዓይንና ዙሪያው ነው። ስለዚህ ማዛጋት ከሰው ወደ ሰው እንዲሄድ ተመልካቹ የሚያዛጋውን ሰው ፊት ማየት አለበት፤ ያውም ዓይኑ አካባቢ። ይህን ነጥብ ይያዙልኝ፤ ክርክሩ ሁሉ ኋላ የሚመለሰው ወደዚህ ነው።

ማየት ብቻውንም አይበቃም። ያዩት ነገር ሰውነትዎ ውስጥ ዝግጁ የሆነውን እንቅስቃሴ የመቀስቀሱ ነገር ከሰው ሰው ይለያያል። በእንግሊዝ የኖቲንግሃም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት ጥናት 36 ሰዎች የሚያዛጋ ሰው ቪዲዮ እያዩ አንዳንዴ «እንደ መጣላችሁ አዛጉ»፣ አንዳንዴ «ተቆጣጠሩት» ተባሉ። ተቆጣጠሩት ሲባሉ በሙሉ አፍ ማዛጋቱ ቀነሰ፤ በተዘጋ አፍ የታፈነው ግን በረከተ፣ የማዛጋት ፍላጎታቸውም ጨመረ። ተመራማሪዎቹ ከጭንቅላት ውጭ በሚያዝ መግነጢሳዊ መሣሪያ እንቅስቃሴን የሚያዘውን የአንጎል ክፍል ሲለኩ፣ አንድ ሰው ምን ያህል ቶሎ እንደሚጋባበት ከዚያ ክፍል በቀላሉ የመነቃቃትና ራሱን የመግታት ልክ ጋር ተያይዞ አገኙት። በሌላ አነጋገር፣ አንዱ ላይ ቶሎ የሚጋባው ሌላው ላይ የማይጋባው በከፊል የእንቅስቃሴ ሥርዓታቸው ስለሚለያይ ነው። ይህ ከደግነት ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።

ታዲያ የርኅራኄው ነገር ከየት መጣ? በዘርፉ የሚሠሩ ሰዎች የሚሉት «ርኅራኄ» ሳይሆን የሌላውን ስሜት መረዳትና መጋራት ነው፤ እኔም ከዚህ በኋላ «ስሜት መጋራት» እለዋለሁ። ሐሳቡ የተስፋፋው እ.ኤ.አ. ከ2003 ወዲህ ነው። በዚያ ዓመት በአሜሪካ የተሠራ አንድ ጥናት ቶሎ የሚጋባባቸው ሰዎች የሌላውን ሐሳብ በመገመት ረገድ የተሻለ ውጤት እንዳመጡ ገለጸ። ከዚያ ሦስት ነገሮች ተደራረቡለት። አንደኛ፣ ሕፃናት በማሕፀን ሳሉ ጀምረው ያዛጋሉ፤ ከሌላ ሰው መጋባቱ ግን አብዛኞቹ ላይ የሚታየው 4 ወይም 5 ዓመት ሲሞላቸው ነው፤ የሰውን ሐሳብና ስሜት መረዳት ጎልቶ የሚመጣውም በዚሁ ዕድሜ አካባቢ ነው። ሁለተኛ፣ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ላይ ማዛጋት እምብዛም እንደማይጋባ ተዘገበ። ሦስተኛ፣ ኢጣሊያውያኑ ኖርሺያና ፓላጂ እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት ከመቶ በላይ አዋቂዎችን በዕለት ተዕለት ኑሯቸው ውስጥ ለአንድ ዓመት ያህል ተከታትለው፣ ማዛጋት ከሁሉ በላይ በቤተሰብ፣ ቀጥሎ በወዳጆች፣ ከዚያ በትውውቅ ብቻ በሚቀራረቡ ሰዎች፣ በመጨረሻም በማይተዋወቁ መካከል እንደሚጋባ አገኙ። ሦስቱም አንድ ላይ ሲነበቡ ነገሩ የተቋጨ ይመስላል። እርስዎ ያነበቡት ጽሑፍም እዚህ ላይ ያቆመ ነው የሚመስለኝ።

የኦቲዝሙን ነጥብ ቀረብ ብለን እንየው፤ የክርክሩ አቅጣጫ የተለወጠው በእሱ ነው። ሰንጁ የተባለው ተመራማሪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2007 ኦቲዝም ላለባቸውና ለሌለባቸው ልጆች የሚያዛጋ ፊትና እንዲያው አፉን የሚያንቀሳቅስ ፊት በቪዲዮ አሳዩ። ኦቲዝም የሌለባቸው ልጆች ማዛጋቱን ሲያዩ አብዝተው አዛጉ፤ ኦቲዝም ያለባቸው ላይ ግን በሁለቱ ቪዲዮዎች መካከል ልዩነት አልታየም። «ስሜት መጋራት ስለሚያስቸግራቸው ነው» የሚለው ትርጓሜ ወዲያው ተሰጠ። ነገር ግን ኦቲዝም ያለባቸው ብዙ ልጆች የሰውን ዓይን ትኩር ብለው አያዩም። አፉን ብቻ ወይም የፊቱን ዳር ካዩ ደግሞ፣ ከላይ እንዳልነው፣ ቀስቃሹ ነገር ጨርሶ አልደረሳቸውም ማለት ነው። ያው ሰንጁ ይህን ራሱ ጠርጥሮ እ.ኤ.አ. በ2009 ሙከራውን ሲደግም ልጆቹን «የሰውየውን ዓይን ተመልከቱ» አላቸው። በዚህ ጊዜ በሁለቱ ወገኖች መካከል ልዩነት አልተገኘም። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ሌላ ጥናትም ልጆቹ ፊቱን እየተመለከቱ መሆናቸው ሲረጋገጥ ማዛጋቱ ኦቲዝም ያለባቸው ላይም እኩል እንደሚጋባ አሳየ። የጎደለው ስሜት የመጋራት አቅም ሳይሆን እይታው ነበር። ይህ ለእነዚያ ልጆችም ትልቅ ነገር ነው፤ ዓይን ባለማየታቸው ብቻ ልባቸው የደነደነ ተብሎ ሊነገርባቸው አይገባም ነበርና።

አሁን በዚሁ መነጽር የቤተሰቡን ነጥብ እንመልከት። ከምንወዳቸው ሰዎች ይበልጥ የሚጋባብን ስሜታቸውን ስለምንጋራ ነው ወይስ ፊታቸውን ደጋግመን ስለምናይ? የማያውቁትን ሰው ሲያዛጋ ፊቱ ላይ ማፍጠጥ ነውር ነው፤ ዓይን ይሰበራል። ሰው ፊት ማዛጋትም ያሳፍራል፣ ይታፈናል። ተመራማሪ አጠገቡ መኖሩን ያወቀ ሰው ብቻውን ከተቀመጠው ያነሰ እንደሚያዛጋ በሙከራ ታይቷል። ቤተሰብ መካከል ይህ ሁሉ ልጓም የለም። ስለዚህ ያው ውጤት ያለ ምንም ስሜት መጋራት ሊመጣ ይችላል። የኢጣሊያው ቡድን ይህን ተቃውሞ አልናቀውም። እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ሥራ ሰዎች ማዛጋቱን ሳያዩ ድምፁን ብቻ የሰሙባቸውን ጊዜያት ለይቶ ተመለከተ፤ እዚያም ቢሆን በቤተሰብና በወዳጅ መካከል መጋባቱ በዝቶ ተገኘ። ዓይን በሌለበት የታየ ልዩነት ስለሆነ ክብደት የሚሰጠው ነው። በእኔ አስተያየት ግን ሙሉ በሙሉ አያሳምንም፤ ጆሮም ለሚያውቀው ድምፅ ይበልጥ ይነቃል። በሌላ ክፍል ከብዙ ሰው ድምፅ መካከል የልጅዎን ሳል ለይተው እንደሚሰሙት ማለት ነው።

ለእርስዎ ጥያቄ ከሁሉም በላይ ቀጥተኛ መልስ የሚሰጠው በአሜሪካ የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጡት ጥናት ነው። 328 ጤነኛ ሰዎች ሦስት ደቂቃ የሚፈጅ የማዛጋት ቪዲዮ አዩ፤ ስሜት የመጋራት ልካቸው፣ ድካማቸውና ጉልበታቸውም በመጠይቅ ተለካ። 222ቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ አዛጉ። 106ቱ አንድም ጊዜ አላዛጉም፤ ይህ ከሦስት ሰው አንዱ ያህል ነው። ሙከራው ሲደገም ያዛጉት አሁንም ያዛጋሉ፣ ያላዛጉት አሁንም አያዛጉም፤ ስለዚህ ነገሩ የሰውየው የጸና ጠባይ ነው። ስሜት የመጋራት ውጤታቸው ግን ከማዛጋታቸው ጋር የረባ ግንኙነት አልነበረውም። ግንኙነት ያሳየው ዕድሜ ብቻ ነበር፤ በዕድሜ የገፉት ላይ ያነሰ ይጋባል። እሱም ቢሆን በሰዎቹ መካከል ካለው ልዩነት የሚያስረዳው 8 በመቶውን ብቻ ነው። ባለቤትዎ በዕድሜ ከእርስዎ የሚበልጡ ከሆነ ይህን ከግምት ያስገቡ፤ ግን ትንሽ ግምት ብቻ።

በተቃራኒው የቆመም አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 በ135 ተማሪዎች ላይ የተሠራ ጥናት በመጠይቅ ሲለኩ የስሜት ቅዝቃዜ የታየባቸው ሰዎች ላይ ማዛጋት ያነሰ እንደሚጋባ አገኘ፤ ከዚያ በኋላም ይህን የሚደግፍ ውጤት ወጥቷል። ምናልባት ያስደነገጥዎ ጽሑፍ የተነሣው ከዚህ ይሆናል። ልብ ይበሉ፤ ጥናቱ የሚናገረው ስለ ብዙ ሰዎች አማካይ ነው። ስሜታቸው የቀዘቀዘ ሰዎች እንደ ቡድን ጥቂት ያነሰ ቢያዛጉ፣ የማያዛጋ ሁሉ ስሜቱ የቀዘቀዘ ነው ማለት አይሆንም። ከላይ ያየናቸው 106 ሰዎች አሉና። ረጃጅም ሰዎች በአማካይ ትልቅ ጫማ ቢያደርጉም፣ በር ላይ የተቀመጠ ትልቅ ጫማ አይተው የባለቤቱን ቁመት እንደማይፈርዱ ሁሉ።

አሁን ወደ ቤትዎ እንምጣ። መጀመሪያ «አብሮኝ አያዛጋም» የሚለው ራሱ መጣራት አለበት፤ ሰው የሚያስታውሰው የጠበቀውንና ያስቀየመውን ነውና። ለጥቂት ምሽቶች ወረቀት ይያዙ። ለባለቤትዎ አይንገሯቸው፤ እየተቆጠረበት መሆኑን ያወቀ ሰው ወይ ያፍነዋል ወይ ሲያስበው ይመጣበታል። ስለ ማዛጋት ማሰብና ማንበብ ብቻውን ያዛጋል፤ ይህን እያነበቡም አዛግተው ይሆናል። እርስዎ ባዛጉ ቁጥር ሁለት ነገር ይጻፉ፤ እሳቸው ፊትዎን አይተዋል ወይም ድምፅዎን ሰምተዋል ወይ፣ በሚቀጥሉት ሦስት ደቂቃዎች ውስጥስ አዛግተዋል ወይ። እርስዎ ሲያዛጉ እሳቸው ስልክ ወይም ቴሌቪዥን ላይ ያፈጠጡበትን ጊዜ ከቆጠራው ያውጡት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ማታ ማታ ጎን ለጎን የተቀመጡ ባልና ሚስት አንዱ የሌላውን ፊት የሚያዩበት ጊዜ ከሚያስቡት እጅግ ያንሳል። ለማነጻጸሪያም በዚያው ሰዓት እርስዎ ሳያዛጉ ያለፉ የሦስት ደቂቃ ቆይታዎችን መርጠው እሳቸው ያዛጉ እንደሆነ ይመዝግቡ።

ስሌቱን በምሳሌ ላሳይ። ባለቤትዎ በዚያ ሰዓት በራሳቸው ጊዜ በሰዓት 4 ጊዜ ያዛጋሉ እንበል። ሦስት ደቂቃ የአንድ ሰዓት አንድ ሃያኛ ስለሆነ፣ በማንኛውም ሦስት ደቂቃ ውስጥ የማዛጋታቸው ዕድል ከአምስት አንድ ገደማ ነው። እንግዲህ እሳቸው እያዩዎት እርስዎ 20 ጊዜ ቢያዛጉ፣ ምንም ሳይጋባባቸው በአጋጣሚ ብቻ 4 ጊዜ ያህል ይከተሉዎታል። 5 ጊዜ ከተከተሉዎት ከአጋጣሚው የሚለይ ነገር የለም። 11 ወይም 12 ከሆነ በእርግጥ እየተጋባባቸው ነው። ይኸው ስሌት ወደ እርስዎም ይዞራል። ማታ ደክሞዎት በሰዓት 10 ጊዜ የሚያዛጉ ከሆነ፣ እሳቸው ካዛጉ በኋላ ባሉት ሦስት ደቂቃዎች ውስጥ የማዛጋት ዕድልዎ ያለ ምንም መጋባት ወደ ግማሽ ይጠጋል። «ወዲያው ይጋባብኛል» የሚሉት በከፊል የራስዎ ድካም ሊሆን ይችላል።

ቆጥረው ሲጨርሱ በእርግጥ እንደማይጋባባቸው ቢያረጋግጡ፣ አንድ ቀላል ነገር ይመልከቱ፤ በአፍንጫቸው ነው የሚተነፍሱት ወይስ በአፋቸው? እ.ኤ.አ. በ2007 በተሠራ ሙከራ የማዛጋት ቪዲዮ እያዩ በአፍንጫቸው ብቻ እንዲተነፍሱ ከተነገራቸው ሰዎች መካከል ማንም አላዛጋም፤ እንደ ልማዳቸው ከተነፈሱት ግን ግማሽ ያህሉ አዛጉ። ግንባራቸው ላይ ቀዝቃዛ ነገር የያዙትም ከሌሎቹ እጅግ ባነሰ ቁጥር አዛጉ። ተመራማሪዎቹ ይህን ያገናኙት ማዛጋት አንጎልን ያቀዘቅዛል ከሚለው ሐሳባቸው ጋር ነው። ሐሳቡ አሁንም አከራካሪ ነው፤ ነገር ግን ያው ሰው፣ ያው ልብ፣ ግንባሩ ላይ በተደረገ ቀዝቃዛ ጨርቅ ብቻ ከሚያዛጋው ወደማያዛጋው ወገን ሊሻገር እንደሚችል ያሳያል።

የባለቤትዎን ስሜት መጋራት ማወቅ ከፈለጉ ደግሞ የሚታይበት ቦታ ሌላ ነው፤ ያመመዎት ቀን ሳይነግሯቸው ከፊትዎ አንብበው «ምን ሆነሻል?» ይላሉ ወይ?